የናይጄሪያው ኢ-ናይራና በኪሳችን ያለው ቴሌብር

እኛ ባጃጅ የምንለውን ባለ ሦስት እግር ታክሲ ናይጄሪያውያን ኬኬ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2022 መገባደጃ ላይ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ አንድ ያልተለመደ ነገር አደረገ። ኬኬ ተሳፍሮ ሒሳቡን በኢ-ናይራ ለሚከፍል ሰው 5 በመቶ ቅናሽ አለ ብሎ አስነገረ። ገንዘብ የሚያትመው ተቋም፣ ያወጣውን ገንዘብ ሰዎች እንዲይዙለት ዋጋ ቀንሶ ሲለማመጥ ማየት የተለመደ አይደለም። የወረቀቱን ናይራ ለማስያዝ ማንም ቅናሽ አድርጎ አያውቅም።

ኢ-ናይራ ሥራ የጀመረው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 2021 ነው። አቡጃ ላይ መርቀው የከፈቱት የወቅቱ ፕሬዚዳንት ሙሐማዱ ቡሃሪ ነበሩ። በአፍሪካ አንድ አገር የማዕከላዊ ባንኳን ገንዘብ በዲጂታል መልክ ለሕዝብ ስታቀርብ የመጀመሪያው ነበር፤ ቴክኖሎጂውን የሠራው ቢት የተባለ የባርቤዶስ ኩባንያ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ የዓለም የገንዘብ ድርጅት ያስጠናው ጥናት ውጤቱን ፈትሾ ነበር። ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት አገር በግለሰቦች ስልክ ላይ የተጫነው ዋሌት 860 ሺህ አካባቢ ነበር። ከእነዚህም ውስጥ በየትኛውም አንድ ሳምንት 98.5 በመቶው ምንም አልተንቀሳቀሰም።

ይህ ቁጥር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ይመስላል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ ዛሬ ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ እንዲሆን ከተወሰነ ወዲህ ስልኩን ሳያወጣ ማደያ የሚገባ አሽከርካሪ የለም ማለት ይቻላል። በስልክ መክፈል አፍሪካውያንን የሚከብዳቸው ነገር ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ታዲያ ማዕከላዊ ባንኩ ራሱ ያቀረበው ዋሌት ለምን ሰው አጣ? ለመልሱ በመጀመሪያ ሁለቱ ዋሌቶች ውስጥ ያለው ገንዘብ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ማየት ያስፈልጋል።

አንዲት እናት ቴሌብራቸው ላይ 1,000 ብር ይታያል እንበል። ያንን ብር ያስገቡት ሰፈር ካለ ወኪል ዘንድ ነው። ጥሬውን ለወኪሉ ሰጡት፤ ወኪሉም ከራሱ የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ላይ ቀንሶ ላከላቸው። ወኪሉ ያንን የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ያገኘው ቀደም ብሎ ብሩን ባንክ አስገብቶ ነው። በሕጉ መሠረት በሁሉም ደንበኞች ዋሌት ላይ የሚታየው ድምር በንግድ ባንኮች ውስጥ ለዚሁ ተብሎ በተለየ ሒሳብ ተቀምጦ መገኘት አለበት። ስለዚህ ስልካቸው ላይ የሚታየው ቁጥር የአገልግሎት ሰጪው ቃል ነው፤ “በፈለጉ ጊዜ 1,000 ብር እሰጥዎታለሁ” የሚል ቃል። ብሩ ያለው ባንክ ውስጥ ነው። ባንኩ ደግሞ የያዘው ተቀማጭ ራሱ የባንኩ ዕዳ ነው። በእናቲቱና በብሔራዊ ባንክ መካከል ሁለት ተቋማት ቆመዋል ማለት ነው።

የወረቀት ብር እንዲህ አይደለም። በእጅ ያለ የመቶ ብር ኖት የብሔራዊ ባንክ የራሱ ዕዳ ነው፤ በመካከል ማንም የለም። የማዕከላዊ ባንክ ዲጂታል ገንዘብ የሚባለውም ያንኑ ኖት ወረቀቱን ትቶ ስልክ ላይ ማስቀመጥ ነው። ዋሌቱን የከፈተልዎ ባንክ ቢከስር፣ መተግበሪያውን የሠራው ድርጅት ቢዘጋ፣ ገንዘብዎ የማዕከላዊ ባንኩ ዕዳ ሆኖ ይቀጥላል። ናይጄሪያ ኢ-ናይራን ስታስተዋውቅም ያው ናይራ ነው፣ አማራጩ ግን ሰፍቷል የሚል መፈክር ይዛ ነበር።

አሠራሩን አንድ ክፍያ ተከትሎ ማየት ይሻላል። ሌጎስ ውስጥ የባንክ ሒሳብ ያላት ሴት 5,000 ናይራ ወደ ኢ-ናይራ ዋሌቷ ማዞር ፈለገች። ከዚያ በፊት ማዕከላዊ ባንኩ ኢ-ናይራውን “አትሞ” በራሱ ዲጂታል ካዝና አስቀምጧል። የእሷም ባንክ ማዕከላዊ ባንኩ ዘንድ ካለው መጠባበቂያ ላይ ተቀንሶበት የተወሰነውን ወስዶ በእጁ ይዟል። አሁን እሷ መተግበሪያውን ከፍታ ስታዝ ከባንክ ሒሳቧ 5,000 ናይራ ይቀነሳል፤ በምትኩ ባንኩ በእጁ ካለው ኢ-ናይራ 5,000 ወደ ዋሌቷ ያሳልፋል። ከዚህ በኋላ ባንኩ ለእሷ ያለበት ዕዳ በዚያው ልክ ቀንሷል፤ ዕዳው ወደ ማዕከላዊ ባንኩ ዞሯል። ሱቅ ሄዳ የባለሱቁን ኪው አር ኮድ ስታነሳና 2,000 ናይራ ስትከፍል፣ በማዕከላዊ ባንኩ መዝገብ ላይ የባለቤቱ ስም ይቀየራል። የሁለቱ ባንኮች በማታ ሒሳብ መተሳሰብ አያስፈልግም። ባለሱቁ የተቀበለው በዚያችው ቅጽበት ያለቀለት ገንዘብ ነው።

በሞባይል መኒ ግን ከፋይና ተከፋይ በአንድ አገልግሎት ሥር ካሉ ነገሩ ቀላል ነው፤ ድርጅቱ በራሱ መዝገብ ላይ ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው ይጨምራል። ተከፋዩ ሌላ ዋሌት ወይም ሌላ ባንክ ሲሆን ግን ትእዛዙ እንደ ኢትስዊች ባለ ማገናኛ በኩል ማለፍ አለበት። ደንበኛው ብሩ ወዲያው ገባ ቢባልም፣ ተቋማቱ እርስ በርስ የሚተሳሰቡት በኋላ ነው። “ከእኔ ተቀንሷል፣ እሱ ጋ አልገባም” የሚለው የተለመደ ጭቅጭቅ የሚነሳውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መካከል ነው። አንዱ መዝገብ ጽፏል፣ ሌላው ገና አልጻፈም። ዲጂታል ገንዘብ በእውነት ብልጫ ካለው፣ አንደኛው ብልጫው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም በአንድ መዝገብ ላይ ስለሚገኝ የየትኛው ድርጅት ደንበኛ ነህ የሚለው ጥያቄ ዋጋ ያጣል።

እንግዲህ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ሁሉም ሰው የባንክ ተቀማጩን ወደዚህ ቢያዞረውስ? ማዕከላዊ ባንኮችን እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ነው። ባንክ የሚያበድረው ከተቀማጭ ነው። ባንኮች ተናጉ የሚል ወሬ በተሰማ ማግስት ሰው ሁሉ ሰልፍ ሳይወጣ፣ ስልኩን ነካ አድርጎ ገንዘቡን ወደ ማዕከላዊ ባንክ ማዞር ከቻለ፣ ጤነኛ የነበረ ባንክ እንኳ በአንድ ሌሊት ሊደርቅ ይችላል። በዚህም ምክንያት የኢ-ናይራ ዋሌት ወለድ አይከፍልም፤ ጣሪያም ተበጅቶለታል።

ጣሪያው ደረጃ በደረጃ ነው። ስልክ ቁጥር ብቻ ያለው፣ ብሔራዊ መታወቂያው ያልተረጋገጠለት ሰው በቀን ከ20,000 ናይራ በላይ ማንቀሳቀስ፣ በዋሌቱም ከ120,000 በላይ መያዝ አይችልም። እንደ እኛው ፋይዳ ያለ የብሔራዊ መታወቂያ ቁጥሩ ሲረጋገጥ ወደ 50,000 እና 300,000 ከፍ ይላል። የባንክ መለያ ቁጥር ያላቸው ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈቀድላቸዋል፤ የመጨረሻው ደረጃ በቀን አንድ ሚሊዮን፣ በዋሌት አምስት ሚሊዮን ናይራ ነው። ባሃማስም ሳንድ ዶላር በተባለው ዲጂታል ገንዘቧ ተመሳሳይ መንገድ ተከትላለች። ያለ መታወቂያ በሚከፈተው ዋሌት ውስጥ ከ500 የባሃማስ ዶላር በላይ መያዝ አይቻልም። ለዕለት ጉርስ የሚሆነው ነጻ፣ ጎላ ያለው ግን በመታወቂያ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ሞባይል መኒም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ኬኬው ሾፌር እንመለስ። እሱን ያላሳመነው ምን ነበር?

ከላይ የተባለው ሁሉ፣ የማን ዕዳ ነው የሚለውም ሆነ የመተሳሰቢያው ፍጥነት፣ ከሱቅ መደርደሪያው ፊት ለቆመ ሰው አይታይም። እሱ የሚጠይቀው ጥሬ ገንዘቤን የት አስገባለሁ፣ የት አወጣለሁ፣ ሰው ይቀበለኛል ወይ፣ ስልኬ ስማርት ካልሆነስ የሚለውን ነው። ኢ-ናይራ በእነዚህ ሁሉ ላይ ዘግይቷል። መጀመሪያ ላይ ዋሌቱን መክፈት የሚችለው የባንክ ሒሳብ ያለው ሰው ብቻ ነበር። የባንክ ሒሳብ ያለው ናይጄሪያዊ ደግሞ ከባንክ ወደ ባንክ ወዲያው የሚያስተላልፍበት መንገድ ቀድሞውኑ ነበረው፤ ለእሱ ኢ-ናይራ ሌላ አንድ መተግበሪያ ሆነበት እንጂ አዲስ ነገር አላመጣለትም። ባንክ ለሌለውና ተራ ስልክ ለሚይዘው ሰው የተዘጋጀው የ *997# መስመር የተከፈተው በነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ ወደ አሥር ወር ገደማ ከቆየ በኋላ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ወኪሉ ነው የጎደለው። ኬንያ ውስጥ ኤም-ፔሳ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 ሲጀመር ያሸነፈው በቴክኖሎጂው አይደለም፤ ያኔ የነበረው አጭር መልእክትና የፒን ቁጥር ብቻ ነው። ያሸነፈው በየመንደሩ ጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ የሚልክና መልሶ ጥሬ የሚሰጥ ባለሱቅ ስለነበረ ነው። ያ ባለሱቅ ደግሞ የሚሠራው ኮሚሽን ስላለው ነው። ኮሚሽኑ የሚመጣው ከላኪው ክፍያ ላይ ነው። ሰው የአገልግሎት ክፍያ በዛ ብሎ ያማርራል፤ በወር መጨረሻ ወኪሉ ሱቁን እንዲከፍት፣ ጥሬ ብር አዘጋጅቶ እንዲጠብቅ የሚያደርገው ግን ያው ክፍያ ነው።

ኢ-ናይራ ግን ክፍያ የለውም ተብሎ ነው የተጀመረው። መመሪያው ለመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ከክፍያ ነጻ ነው ይል ነበር። ለደንበኛው ደስ የሚል ይመስላል። ነገር ግን ባንኩ ደንበኛ መዝግቦ፣ መታወቂያ አረጋግጦ፣ አቤቱታ ሰምቶ ከዚህ ምንም ካላገኘ፣ ይባስ ብሎም ያበድረው የነበረ ተቀማጭ ከወጣበት፣ ለምን ይደክማል? ማስተዋወቁም፣ ነጋዴ መመልመሉም በማዕከላዊ ባንኩ ትከሻ ላይ ወደቀ። ማዕከላዊ ባንክ ወለድ መወሰንና ባንክ መቆጣጠር ያውቅበታል፤ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ኪው አር ኮድ መለጠፍ ግን ሥራው አይደለም። የባጃጁ ቅናሽ የመጣው በዚህ ጭንቅ ውስጥ ነው።

ከዚያ ማንም ያላሰበው ፈተና መጣ። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የ200፣ የ500 እና የ1,000 ናይራ ኖቶችን ቀየረች። አሮጌው ኖት ቶሎ ተሰበሰበ፣ አዲሱ ግን በበቂ አልተሠራጨም። በ2023 የመጀመሪያ ወራት ሰው ጥሬ ገንዘብ ፍለጋ ባንክ ደጃፍ ላይ ሰዓታት ተሰለፈ፤ አንዳንዱ ጥሬ ገንዘብን በገንዘብ እስከ መግዛት ደረሰ። ለዲጂታል ገንዘብ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም ነበር። በእርግጥም ኢ-ናይራ ዘሎ ነበር። በሥርጭት ላይ ያለው መጠን ከ3 ቢሊዮን ወደ 10 ቢሊዮን ናይራ፣ የዋሌቶቹም ብዛት ወደ 13 ሚሊዮን ደረሰ ተባለ። ከጭማሪው አንዱ ምክንያት መንግሥት የድጎማ ክፍያዎችን በዚህ መንገድ መላኩ ነው። ይሁንና ገበያተኛው የሸሸው በብዛት ወደ ባንክ ዝውውርና እንደ ኦፔይና ፓልምፔይ ወዳሉ የግል ዋሌቶች ነበር። እነሱ በየመንገዱ ወኪልና የክፍያ ማሽን ነበራቸው። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ኢ-ናይራ በአገሪቱ ከሚዘዋወረው ገንዘብ ውስጥ የነበረው ድርሻ ከግማሽ በመቶ በታች ነበር።

ይህ ማለት ግን ሐሳቡ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ሞባይል መኒ የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ እሱም ኔትወርክ በሌለበት መሥራት ነው። “ሲስተም የለም” የሚለውን ቃል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ቴሌብር ሆነ ኤም-ፔሳ ገንዘቡ ያለው በድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ስልኩ የሚልከው ትእዛዝ ብቻ ነው። ትእዛዙ ካልደረሰ ክፍያ የለም።

ጋና ኢ-ሴዲ በተባለው ሙከራዋ የፈተነችው ይህንኑ ነው። የጋና ባንክ ከጀርመን ኩባንያ ጋር ሆኖ ኔትወርክ በሚቸግርበት ገጠር ውስጥ በካርድ ያለ ኢንተርኔት መክፈል ይቻል እንደሆነ ሞከረ። እዚህ ላይ ገንዘቡ የሚቀመጠው ካርዱ ውስጥ ባለችው ቺፕ ላይ ነው። ሰውዬው ኔትወርክ ባለበት ቦታ 200 ሴዲ ካርዱ ላይ ይሞላል እንበል። ገበያ ወርዶ ካርዱን ከሻጯ መሣሪያ ጋር ሲያስነካ፣ የእሱ ቺፕ 50 ቀንሶ የተፈረመበት መልእክት ይሰጣል፤ የሻጯ ቺፕ ፊርማው እውነተኛ መሆኑን አይቶ 50 ይጨምራል። ማዕከላዊ ባንኩ በዚያች ሰዓት ምንም አያውቅም። የሚያውቀው መሣሪያው በኋላ ኔትወርክ ሲያገኝ ነው።

አደጋውም እዚያው ላይ ነው። አንድ ሰው ቺፑን ሰብሮ ውስጡ ያለውን ቁጥር መቅዳት ከቻለ ያንኑ 50 ሴዲ አሥር ቦታ ሊከፍልበት ይችላል፤ ሐሰተኛ ኖት ማለት ነው፣ ግን በዓይን የማይለይ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ካርድ ላይ የሚያዘው መጠን ትንሽ እንዲሆን ይደረጋል። ከተወሰነ ጊዜ ወይም ከተወሰነ የክፍያ ብዛት በኋላም አንድ ጊዜ ኔትወርክ አግኝቶ ካልታረቀ መክፈል ያቆማል። ካርዱ ከጠፋ ደግሞ በላዩ ያለው እንደ ጠፋ ቦርሳ ነው። በሞባይል መኒ ሲም ካርድ ቢጠፋ አዲስ ሲም አውጥቶ፣ ማንነትን አሳይቶ ሒሳቡን ማግኘት ይቻላል። ከኔትወርክ ነጻ መሆን የሚገኘው ይህን ዋስትና ሰጥቶ ነው።

ሌላው የየቀኑ ጉዳይ ስህተት ነው። አንድ አሃዝ ተዛብቶ ብሩ ለማያውቁት ሰው ሲሄድ ምን ይደረጋል? ኬንያ ውስጥ የኤም-ፔሳ ደንበኛ የክፍያውን መልእክት ወደ 456 መልሶ ይልካል፤ ተቀባዩ ገንዘቡን ካላወጣው ድርጅቱ ይዞ ያጣራል። እዚህም ቴሌብር ወደ 127 ተደውሎ ይጠየቃል። ይህ የሚሆነው መዝገቡ የድርጅቱ ስለሆነና ድርጅቱ ለመያዝ ሥልጣን ስላለው ነው። በዲጂታል ገንዘብ ግን ክፍያው በቅጽበት ያለቀለት ነው ብለን ያመሰገንነው ነገር ዞሮ እዚህ ላይ ችግር ይሆናል። መዝገቡ የማዕከላዊ ባንክ፣ መተግበሪያው የሌላ፣ ደንበኛውን የመዘገበው የባንክ ቅርንጫፍ ነው። ማዕከላዊ ባንክ ለሚሊዮኖች ስልክ የሚያነሳ ተቋም ሆኖ አልተሠራም። ዋሌቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አቤቱታ የሚሰማው ማን እንደሆነ በግልጽ ካልተጻፈ ደንበኛው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲንከራተት ይውላል።

በሐሰተኛ መልእክት ማታለልም ቢሆን በየትኛውም ዋሌት አይቀርም። የአዲስ አበባ ባለሱቅ ዛሬ “ከፍያለሁ” የሚል ስክሪንሾት ቢያሳዩት ራሱን ነቅንቆ የራሱን ስልክ ነው የሚያየው፤ ሜሴጅ ካልገባለት ዕቃውን አይሰጥም። ትክክል ነው። ገንዘቡ የብሔራዊ ባንክ ቢሆንም ባይሆንም ማየት ያለበት የራሱን ሒሳብ ነው።

የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ይህን ሁሉ መዝኖታል። በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. የመወያያ ሰነድ አውጥቶ የሕዝቡን አስተያየት ጠየቀ። በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. መልሱን ሲያሳውቅ፣ ዲጂታል ሽልንግ ለኬንያ በአጭርና በመካከለኛ ጊዜ አንገብጋቢ ቅድሚያ የሚሰጠው ጉዳይ እንዳልሆነ ገለጸ። የክፍያ ችግሮቿን አሁን ባሉት ሥርዓቶች ዙሪያ በሚደረግ ፈጠራ መፍታት እንደምትችልም አስታወቀ። ሞባይል መኒ ሥር በሰደደበት አገር ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ብሔራዊ ባንክ የራሱን ዋሌት ቢያስብ እንኳ መጀመር ያለበት በከተማ ሱቅ ሳይሆን “ሲስተም የለም” በሚባልበት ገበያ፣ ወኪሉም ኮሚሽን የሚያገኝበትን መንገድ አስቀድሞ በመወሰን ነው።